ባልጠይቅስ ኖሮ?

እሺ፣ እየቀዳ ነው መሰለኝ። ወንበሩ ዛሬም ይንጫጫል። አልቀየርኩትም፣ አትጻፉልኝ።

ባለፈው ቃል የገባሁላችሁን ርዕስ ዛሬ አላነሳውም። ይቅርታ። የአምስቱ ፕሪንተሮች ነገር አልወጣልኝ ብሎ ነው። ሽያጩ ተሳክቷል፣ እሱ አይደለም ችግሩ። መጨረሻ ላይ የተጠየቅኩት ጥያቄ ነው። ግን ከመሀል ብጀምር አይገባችሁም፤ ከመጀመሪያው ልሂድ።

ሴትዮዋ የአንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ኃላፊ ናቸው። በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ። አምስት ፕሪንተር ይፈልጋሉ። ፕሮፎርማችንን ልከን ልንነጋገር ሄድን፤ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ጋሽ ቅናሽ። ጋሽ ቅናሽን ታውቁታላችሁ። አሁንም ያው ነው። ደንበኛ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ አምስት በመቶ ይቀንሳል።

ተቀመጥን። ሻንጣዬን ሳልከፍት፦ «ልጄ፣ ሌላ ቦታ ይረክሳል» አሉኝ። የሌላውን ድርጅት ፕሮፎርማም ጠረጴዛው ላይ አደረጉት።

ጋሽ ቅናሽ ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁት። «እናስተካክላለን» ሊል ነው። እኔ ግን «እስቲ አብረን እንየው» አልኩና ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ከባድ ነው፤ የሸጠ ሰው ያውቀዋል። አንዲት ቃል ጣል ብታደርግ ይቀልሃል፣ ያቺ ቃል ደግሞ ሁልጊዜ «ቅናሽ» ናት።

ለምን ወዲያው እንደማይቀነስ በቁጥር ልንገራችሁ። ገንዘቡን ትቼ የእኛ አንዱ ፕሪንተር 100 ነው እንበል። የእነሱ 82 ነው። ከ100 ውስጥ የእኛ ትርፍ 25 ነው። 82 ላይ ልግባ ብል የሚቀረኝ 7 ነው። አንድ ሸጬ አገኘው የነበረውን ትርፍ ለማግኘት ከሦስት ተኩል በላይ ፕሪንተር መሸጥ ሊኖርብኝ ነው። ደንበኛው ያየው 18 በመቶ ቅናሽ ነው። እኔ ጋ ግን ከትርፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ሄደ። ይህን ለጋሽ ቅናሽ ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁት! «ሽያጭ ሽያጭ ነው» ይላል። ኧረ ተወኝ።

ቁጥሩ አንድ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ፣ ሰው ገና አንድ ዓረፍተ ነገር ሲናገር 18 ብትቀንስለት፣ «ታዲያ ያ 100 ምን ነበር?» ብሎ ያስባል። እኔም ገዢ ብሆን አስባለሁ። ይህቺን ያዟት፣ ኋላ እመጣባታለሁ።

ከዚያ ጠየቅኳቸው፦ «ዋጋው እኩል ቢሆን የትኛውን ይወስዱ ነበር?»

ይህን ጥያቄ የምወደው መልሱ መንገድ ስለሚያሳይ ነው። «የእነሱን» ካሉ ዋጋ ሰበብ ነው፣ ያልነገሩን ሌላ ነገር አለ። «ለእኔ ሁሉም አንድ ነው» ካሉ ደግሞ ምናልባት እኛ ፋይል ማሟያ ነን። ሦስት ፕሮፎርማ መያያዝ አለበት፣ ሦስተኛው እኛ ነን፣ ሻጩ ቀድሞ ተመርጧል። እዚያ ቅናሽ ስትሰጥ ለሌላው ሻጭ መደራደሪያ እያቀበልክ ነው። በነገራችን ላይ የእሱ ምልክት አለው። ስለ ዕቃው አንድም ጥያቄ አይጠይቁህም። ማኅተሙ በግልጽ ይታይ እንደሆነ ብቻ ነው የሚያዩት።

እሳቸው ግን አሰብ አድርገው «የእናንተን» አሉ። «ለምን?» አልኳቸው። «ቴክኒሻናችሁ ሲጠራ ይመጣል።»

በቃ። ይህን እኔ ብናገረው ማስታወቂያ ነው። እሳቸው ሲሉት ግን ምክንያት ነው። ልዩነቱ 100 እና 82 አይደለም ማለት ነው፤ 18ቱ ናቸው። 18ቱ ምን ይገዛሉ? ውይይቱ እዚህች ላይ ብቻ ነው መሆን ያለበት።

ስለዚህ የእነሱን ፕሮፎርማ አብረን አነበብነው። ስለ እነሱ ክፉ አልተናገርኩም። ሰው «ይረክሳል» ብሎህ ያንን ዕቃ ስታጣጥል ምርጫውን ሰደብክ ማለት ነው፤ ይከላከልለታል። መስመር በመስመር «ይህ ምንድነው?» እያልኩ እሳቸው እንዲያነቡ ነው የተውኩት። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ቶነር ላይ ደረስን። 1,000 ገጽ። ከብዙ ፕሪንተሮች ጋር የሚመጣው ቶነር ማስጀመሪያ ነው፣ አይሞላም። የእኛ ሙሉ ነው፣ 3,000 ገጽ።

እዚህ ጋ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፣ ዝም ብዬ ማለፍ ስለማልችል ነው። ቶነር ላይ የሚጻፈው የገጽ ብዛት፣ ለጥቁር ቀለም ማለቴ ነው፣ የሚለካበት ደረጃ አለ። አይ ኤስ ኦ 19752 ይባላል። መለኪያ ገጾቹ ላይ ቀለም የሚነካው ከገጹ 5 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ማለት አጠር ያለች ደብዳቤ ናት። ሠንጠረዥና ትልቅ አርማ ያለበት ፎርም የሚያትም ቢሮ ያንን ቁጥር አያገኘውም። ከእኛም አያገኘውም። ይህንንም ነገርኳቸው፣ ጋሽ ቅናሽ በጠረጴዛ ሥር እግሬን ነካ አደረገኝ። ግን እኮ ሁለቱም የሚለኩት በአንድ መለኪያ ነው፣ ስለዚህ ማወዳደሩ ይሠራል። እሺ ተመለስኩ።

«በወር ስንት ገጽ ታትማላችሁ?» ይህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ነው፤ ያለዚህ ቁጥር የትኛው እንደሚረክስ ማንም አያውቅም። በአምስቱ ወደ 6,000 ነው አሉ።

የእኛ ቶነር ዋጋ በዚያው በ100ው ስሌት 12 ነው፣ 3,000 ገጽ ያትማል። ለሺህ ገጽ 4 ነው። የእነሱ 9 ነው፣ 1,500 ገጽ ያትማል። ለሺህ ገጽ 6። በ6,000 ገጽ የወሩ ልዩነት 12 ነው። አምስቱን ከእነሱ ቢገዙ መጀመሪያ የሚተርፋቸው 90 ነው። በሰባት ወር ተኩል ያልቃል። ከዚያ በኋላ ርካሹ ውድ ይሆናል። የማስጀመሪያውን ቶነር ገና አልቆጠርኩም።

እስክሪብቶ ሰጠኋቸውና በራሳቸው እጅ አሰሉት። እኔ ባሰላው አያምኑኝም፣ ማመንም የለባቸውም።

እስከዚህ ድረስ ቆንጆ ነው። ብዙ ሻጭ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን አፌ አላርፍ አለ። «አምስቱም እኩል ያትማሉ?» አልኩ።

አይደለም። አንዱ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚቀመጥ ነው። በወር 200 ገጽ ቢያትም ነው። በ200 ገጽ ልዩነቱ 0.4 ነው። 18ቱን ለመመለስ 45 ወር ይፈጃል። ወደ አራት ዓመት! «ለግምጃ ቤቱ የእነሱ ይሻልዎታል» አልኳቸው። ጋሽ ቅናሽ በዚያች ደቂቃ ሊሸጠኝ ይችል ነበር፣ ያውም በቅናሽ።

ይህን ያልኩት ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ወይም... ትንሽ ነው። ዋናው ግን፣ በአንዱ ላይ እውነቱን ስትናገር አራቱን ያምኑሃል። ይህ ራሱ ስልት ነው መሰለኝ። ስልት ከሆነ ደግነት ነው ማለት ይቻላል? አላውቅም፣ ሌላ ክፍል ይወጣዋል።

ብቻ አራቱን ከእኛ፣ አንዱን ከእነሱ ወሰኑ። ከዚያ ሳቅ ብለው፦ «ለአራቱስ ትንሽ አትሉኝም?»

በባዶው አይቀነስም፣ በልዋጭ ነው። ክፍያችን ዕቃው በገባ በ30 ቀን ነው። «ቀድመው ከከፈሉ 4 በመቶ እቀንሳለሁ» አልኩ። ቀድሞ የገባ ገንዘብ ለእኛ በእርግጥ ዋጋ አለው፣ ዕቃ እናስገባበታለን። ስለዚህ 100 ውሸት አልነበረም፤ 100 ከ30 ቀን ጋር ነው፣ 96 በእጅ ነው። ንጹሕ ነገር ነው። ተስማሙ።

ልንነሳ ስንል መነጽራቸውን አውልቀው፦ «እና ባልጠይቅስ ኖሮ?» አሉኝ።

በቁጣ አይደለም። እውነት ማወቅ ፈልገው ነው።

እኔም... «ያው ጠይቀዋል» አልኩ። ሳቁ። ጋሽ ቅናሽም ሳቀ። ወጣን።

ከዚያ ወዲህ ይህችን ጥያቄ እያላመጥኳት ነው። መልሱን ታውቃላችሁ። ባይጠይቁ ኖሮ 100 ይከፍሉ ነበር። በ30 ቀን ይከፍሉ ነበር፣ እሱም ጥቅም ነው፣ እሺ። ግን ከእሳቸው በፊት ያንኑ ሞዴል የገዛ ሰው አለ። ረጋ ያለ ሰውዬ። «ሌላ ቦታ» የሚል ቃል አልወጣውም። ፕሮፎርማውን አየ፣ ዕቃው ሳይገባ በማግስቱ ሙሉውን ከፈለ። 100። ቀድሞ ከፍሎ 100!

እርግጥ አልጠየቀም። ልማዱም ይህ ነው፣ የሚጠይቅ ያገኛል። ይህን ለራሴ ስነግረው ልክ ይመስለኛል። ጮክ ብዬ ስለው ደግሞ እንዲህ፣ ማይክ ላይ... አንድ ዓይነት ነገር ይለኛል። ቅድም «ታዲያ ያ 100 ምን ነበር?» አላልኩም? ሴትዮዋ የጠየቁት እሱን ነው፤ በትህትና።

ፕሮፎርማው ግርጌ ላይ ለምን አንጽፈውም አልኩ። «ቀድሞ ለሚከፍል 4 በመቶ ቅናሽ»፣ ለሁሉም። ያኔ ማንም መጠየቅ የለበትም። ጋሽ ቅናሽ፣ አስቡት፣ እሱ፣ በቅናሽ የሚኖር ሰው፣ «አይሆንም» አለኝ። «ከጻፍከው 4 መነሻ ይሆናል፤ ሁሉም ከ96 ወደ ታች ነው የሚጀምረው፣ ለልዋጭ የምትሰጠው ያልቅብሃል» አለ። የሚያናድደው ደግሞ ትክክል ነው። አንዴ የተጻፈ ቅናሽ ዋጋ ይሆናል። ግዢ ክፍል ደግሞ ከተጻፈው በታች አስቀንሶ ካልመጣ ሥራ የሠራ አይመስለውም።

ግን ያ ሰውዬ? ደውዬ 4 በመቶ ልመልስለት? እንዲህ ስል ጋሽ ቅናሽ ትኩሳቴን ለካ፤ በእጁ፣ ግንባሬን። የሚቀጥለው ቶነር ላይ ላስተካክልለት እላለሁ፣ እሱም ቢሆን ለምን እንደሆነ ካልነገርኩት... ከነገርኩት ደግሞ...

ነገ የምልከው ፕሮፎርማ አለ። ተመሳሳይ ሞዴል ነው፣ ደንበኛውም ዝምተኛ ቢጤ ነው። ግርጌው ላይ መስመሯን ጻፍኳት፣ አጠፋኋት፣ እንደገና ጻፍኳት። አሁን ያለችበትን አልነግራችሁም፣ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። የምትሸጡ ካላችሁ በድምፅ ላኩልኝ፣ ብቻ «ገበያ ነው» ብላችሁ እንዳትልኩልኝ፣ እሱን ጋሽ ቅናሽ ብሎኛል። እ... ሌላ ምን ነበር? አዎ፣ የባለፈው ርዕስ። በሚቀጥለው። ካልረሳሁ።