ለስፌት መኪና ብድር፦ ማጠቃለያው የሚፈተነው በዐቢይ ጾም ነው

[ስክሪን፦ አንድ ገጽ ወረቀት፣ ከላይ «የንግድ ዕቅድ ማጠቃለያ»]

ጎንደር አራዳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ተከራይታ የምትሰፋ አንዲት ሴት አለች እንበል። እስካሁን የምትሰፋው በሰው መኪና ነው። አሁን የራሷን ልትገዛ ነው። ፕሮፎርማው 50,000 ብር ይላል። 15,000 በእጇ አለ፤ 35,000 መበደር ትፈልጋለች።

ማጠቃለያዋ ላይ «በወር 50 ልብስ እሰፋለሁ» ብላ ጽፋለች። የብድር ባለሙያው ቆም የሚለው እዚህ ጋ ነው። ከየትኛው ወር ነው የተወሰደው? ጥር ጥምቀትም ሠርግም አለበት፤ የሐበሻ ቀሚስ አሰፊ ይሰለፋል። ነሐሴና መስከረም ላይ ዩኒፎርም አለ። በዐቢይ ጾም ግን ሠርግ የለም፣ ሥራውም ይቀዘቅዛል። የባንኩ ክፍያ ደግሞ ጾም አያውቅም።

ስለዚህ ሂሳቡን ከደካማው ወር እንጀምር። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ታስገባላችሁ።

[ስክሪን፦ የጾም ወር ሂሳብ]

30 ልብስ፣ የእጅ ዋጋው 250 ብር፤ 7,500 ብር ይገባል። ጨርቁን ደንበኛው ያመጣል። ለክር፣ ለመርፌ፣ ለመብራትና ጠርዙን ሌላ ቤት ኦቨርሎክ ለማስደረግ 1,000 ይወጣል። ኪራይ 2,500። ለቤት አስቤዛ 2,000። ይቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ቤተሰቡ ግን የሚበላው ከዚሁ ገንዘብ ነው። የሚተርፈው 2,000 ብር ነው።

ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ የሚታሰበውም በቀሪው ዕዳ ላይ ቢሆን፣ በ12 ወር ለመክፈል ወርሃዊው 3,176 ብር ገደማ ይመጣል። በጾም ወር ከ1,100 ብር በላይ ይጎድላታል። በ18 ወር ከሆነ ወደ 2,200 ይወርዳል፤ ጉድለቱ 200 ብቻ ይሆናል። በእርግጥ ነፃ አይደለም፦ ጠቅላላ ወለዱ ከ3,100 ወደ 4,600 ብር ገደማ ከፍ ይላል። እኔ ብሆን 1,500ውን ጨምሬ 18 ወሩን እመርጣለሁ። ክፍያ ማሳለፍ ቅጣት አለው፣ ዋስ የሆነውንም ሰው ያስጨንቃል።

ወለዱ በቀሪው ዕዳ ነው ወይስ በመጀመሪያው ብድር ላይ? ሳትፈርሙ ጠይቁ። በመጀመሪያው ብድር ላይ ከሆነ፣ ያው 16 በመቶ በ18 ወር 8,400 ብር ወለድ ነው።

አሁን ያቺን መስመር እንደገና እንጻፋት።

[ስክሪን፦ «በደካማ ወር 30፣ በጥር 70 ልብስ እሰፋለሁ። በጾም ወራት የሚጎድለውን በየወሩ 200 ብር ከጥር ገቢ ቁጠባ ሂሳቤ ላይ አስቀምጬ እሸፍናለሁ።»]

ማስረጃውም ከሥሩ ይያያዝ። የልክ መውሰጃ ደብተሯን ገልጣ የጥርንና የመጋቢትን ገጾች ኮፒ ታድርግ፤ የደንበኛ ስም፣ ቀንና ቀብድ ያለባቸውን።

ፕሮፎርማውን በመጨረሻ አውጡ። ዋጋው የሚጸናበት ቀን ተጽፎበታል። ካለፈ ሻጩ ይጨምራል፣ የጠየቃችሁት ብድርም አይበቃም።