ጉሽ ውሃ መቼ ይጠራል? የግድብ ደለል ነገር

[ምስል፦ ቀይ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ጠረጴዛ ላይ]

ሰላም! ይህን ውሃ የቀዳሁት ከመራዊ አጠገብ፣ ከቆጋ ወንዝ ነው፤ በሐምሌ፣ ጎርፉ በወረደ ማግስት። አሁን አንድ ጊዜ በደንብ ልነቅንቀውና ላስቀምጠው። እዩት። ከታች ወዲያው የተኛችው አሸዋ ናት፣ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የፈጀባት። ከላይ ያለው ግን ገና እንደ ጉሽ ጠላ ነው። ጠላ የጠመቀ ሰው ያውቀዋል፤ አተላው ቶሎ ይወርዳል፣ ያቺ ቀጭን ጉሽ ግን ትዕግሥት ትፈልጋለች።

ለምን? ሁለት ነገር ይታገላል። ክብደቱ ቅንጣቱን ወደ ታች ይስበዋል፣ ውሃው ደግሞ ይዞ ያስቀረዋል። የቅንጣቱ ውፍረት እጥፍ ቢሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ በዚያው ፍጥነት ሲወርድ የውሃው መያዝ ግን የሚያድገው በእጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አራት እጥፍ ፈጥኖ ይወርዳል። አሥር ጊዜ ሲያንስ ደግሞ መቶ ጊዜ ይዘገያል። ይህን በ1851 እ.ኤ.አ. በቀመር ያስቀመጠው ጆርጅ ስቶክስ ነው።

በጠርሙሳችን እናስላው። የውሃው ጥልቀት 20 ሴንቲ ሜትር፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ነው። 0.02 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የደለል ቅንጣት ከላይ እስከ ታች ለመውረድ 9 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ማለትም ሸክላው፣ 15 ሰዓት ይፈልጋል! ከዚያም ያነሰው ቀናት ይቆያል።

[ምስል፦ የቆጋ ግድብ፣ ከሩቅ]

አሁን ወደ ግድቡ እንሂድ። ቆጋ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝና 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። አንድ ቦታ ላይ ጥልቀቱ 10 ሜትር ነው እንበል፣ ከጠርሙሳችን 50 ጊዜ ይበልጣል። ያ ደለል ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ታች ይደርሳል። ሸክላው ግን 32 ቀን ይፈጅበታል፣ ያውም ነፋስ ካላማሰለው! እውነተኛ ግድብ ደግሞ እንደ ጠርሙስ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ክረምቱ ካለፈ በኋላም ውሃው ቀላ ብሎ ብታዩት አይግረማችሁ።

ሙቀቱስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚከብድ ደለሉን ያንሳፍፈዋል» ይባላል። በ10 እና በ20 ዲግሪ መካከል ግን የውሃ ክብደት የሚለየው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ነው። ዋናው ነገር ዝልግልግነቱ ነው። በደብረ ማርቆስ የጠዋት ብርድ ማር ለመቅዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ከእቃው አልወርድም ይላል፣ ትንሽ ሲሞቅ ግን ይንቆረቆራል። ውሃም እንደዚያው ነው፣ ልዩነቱ በዓይን አይታይም እንጂ። ከ20 ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ዝልግልግነቱ 30 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚህም የሸክላው 32 ቀን 42 ቀን ገደማ ይሆናል።

ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ሁለት ጠርሙስ አንድ ዓይነት ውሃ ሙሉና አንዱን ፍሪጅ ውስጥ፣ ሌላውን ቤት ውስጥ አሳድሩ፤ ከዚያ ሁለቱንም እኩል ነቅንቃችሁ ወደየቦታቸው መልሱ። ፀሐይ ላይ ግን አታስቀምጡ። አንዱ ጎኑ ሲሞቅ ውሃው ውስጥ ለውስጥ ይዞርና የወረደውን መልሶ ያነሳዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ቀመሩ የሚሠራው ለደቃቁ ነው፣ እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ። አሸዋ ሲወርድ ከኋላው ውሃውን ያተራምሳል፣ ስለዚህ ቀመሩ ከሚለው ዘግይቶ ነው የሚወርደው። ሸክላ ደግሞ አንዳንዴ እርስ በርሱ ይያያዝና ትልቅ ሆኖ ቶሎ ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ለገበሬው ምኑ ነው? ደለል ሁሉ ግድቡ ሥር፣ ለእሱ በተተወው ጥልቅ ቦታ የሚጠራቀም ይመስለናል። አይደለም። ወንዙ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ከባዱም እዚያው መግቢያው ላይ ይራገፋል፤ ያ ቦታ ደግሞ ለመስኖ የሚቀዳው ውሃ የሚተኛበት ነው። ግድቡ ድረስ የሚዘልቀው በብዛት ሸክላው ነው። ሱዳን ያለው የሮሴይረስ ግድብ በጎርፉ ወራት የውሃውን ከፍታ ዝቅ አድርጎ ይቆይ የነበረው ለዚህ ነው፤ ውሃው ሳይረጋ ይለፍ፣ ደለሉንም ይዞት ይሂድ ብለው ነው።

[ምስል፦ የደረቀ የሐይቅ ዳር፣ በአካፋ የተቆረጠ]

በግንቦት ውሃው ሲሸሽ ወንዙ የሚገባበት ዳር ሂዱና ደረቁን በአካፋ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት። ሻካራ ንብርብር ከታች፣ በላዩ እንደ ዱቄት የላመ ቀይ፣ ደግሞ ሻካራ፣ ደግሞ የላመ ታያላችሁ። ጣታችሁን በሻካራው ላይ አሹት፣ ይቧጭራል። ጎርፍ ሲመጣ የወረደው እሱ ነው፤ የላመው ደግሞ ጎርፉ ካለፈ በኋላ፣ ውሃው ጸጥ ሲል ቀስ እያለ የተኛው።