ቡናውን የሚያደበዝዘውና ማሽኑን የሚደፍነው ውሃ
ለካፌ ባለቤቶች፣ ለባሪስታዎችና ለማሽን ጠጋኞች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቻችን፣

ፊልተር ገዝታችሁ ካስገጠማችሁ በኋላም ቦይለሩ ኖራ መያዙን ካላቆመ፣ ወይም ኖራው ቀርቶ የይርጋጨፌው ቡና ጣዕም አሁንም ደብዛዛ ከሆነባችሁ፣ ፊልተሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ውሃው ውስጥ ያለውን ነገር ለይታችሁ እወቁ። መለካት ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን ነው፤ ውሃውን ከባድ የሚያሰኘው እሱ ነው። ሁለተኛው ባይካርቦኔት ነው። ማሽኑን የሚጎዳው የሁለቱ መገናኘት ሲሆን፣ የቡናውን ጣዕም በዋናነት የሚያደበዝዘው ግን ባይካርቦኔቱ ብቻውን ነው።

ይህን በምላሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ማዕድኑ ትንሽ የሆነ የታሸገ ውሃ ፈልጉ፤ የባይካርቦኔቱ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። 5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡ። ከዚያ ላይ 50 ሚሊ ሊትር ቀድታችሁ ከሌላ አንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። ቀለል ተደርጎ የተቆላ የታጠበ ቡና በዚህኛውም ባልተነካውም ውሃ፣ በእኩል መጠንና በእኩል ሙቀት አፍሉና ጎን ለጎን ቅመሱ። ሶዳ የገባበት ቡና የሎሚነት ጣዕሙ ይጠፋል፤ አፍ ላይ ጠመኔ ጠመኔ ይላል። ባይካርቦኔት የቡናውን አሲድ ስለሚያከሽፈው ነው። ካልሲየም አልጨመርንም፤ ውሃው አልከበደም፤ ጣዕሙ ግን ሄዷል። ጠቆር ተደርጎ ተቆልቶ በጀበና የሚፈላ ቡና ቀድሞውንም አሲዱ ዝቅተኛ ስለሆነ ልዩነቱ ያን ያህል አይታወቅም።

በአገራችን ሁለቱም ዓይነት ውሃ አለ። ድሬዳዋና መቀሌ አካባቢ የጉድጓዱ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ካልሲየሙንም ባይካርቦኔቱንም ይዞ ይወጣል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታዎች ደግሞ ውሃው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየሙ ግን አነስተኛ ነው። ማሽኑ ብዙም ኖራ አይዝም፤ ቡናው ግን ይደበዝዛል። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይቀያየራል፤ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ውሃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ከሚመጣው ይለያል። በቦቴ የሚገዛ ካፌማ ዛሬ የቀዳው ከየት እንደመጣ እንኳ ላያውቅ ይችላል።

በእስክርቢቶ መልክ የሚሸጠው ዲጂታል መለኪያ እዚህ ላይ አይረዳንም። የሚያሳየው በውሃው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ በጅምላ ነው፤ የድሬዳዋና የስምጥ ሸለቆ ውሃ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊሰጡት ይችላሉ። የሚያስፈልገው የዓሣ ማርቢያ ውሃ ለመመርመር የሚሸጠው የጠብታ መለኪያ ነው። ሁለት ብልቃጥ አለው፤ አንዱ ላይ GH፣ ሌላው ላይ KH ተብሎ ተጽፏል፤ GH የካልሲየሙንና የማግኒዥየሙን፣ KH የባይካርቦኔቱን መጠን ይለካል። 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ትቀዳላችሁ፤ ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ ጠብታ እየቆጠራችሁ ትጨምራላችሁ። በተለመደው መለኪያ አንድ ጠብታ በሊትር ወደ 18 ሚሊ ግራም ነው፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ። ዓለም አቀፉ የስፔሻልቲ ቡና ማኅበር የሚመክረው ለከባድነቱ ከ50 እስከ 175፣ ለባይካርቦኔቱ ከ40 እስከ 75 ሚሊ ግራም ነው። በጠብታ ስንቆጥረው GH ከ3 እስከ 9፣ KH ከ3 እስከ 4 መሆኑ ነው።

አሁን ድሬዳዋ ያለ አንድ ካፌ እናስብ። ለስሌቱ እንዲመቸን GH 18፣ KH 15 ጠብታ ወጣ እንበል። ውሃው ሲሞቅ ባይካርቦኔቱ ይፈርስና ከካልሲየሙ ጋር ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። የከፋው ያለው የእንፋሎት ቦይለሩ ውስጥ ነው። ለማኪያቶ ወተት ስታሞቁ የሚወጣው እንፋሎት ንጹሕ ነው፤ ማዕድኑ ውስጥ ይቀራል፤ በምትኩ የሚገባው አዲስ ውሃ ሌላ ማዕድን ይዞ ይመጣል። በቀን 5 ሊትር ውሃ በእንፋሎት ቢወጣ፣ 5 ጊዜ 270 ሚሊ ግራም ወደ 1.3 ግራም ይሆናል። ትንሽ ትመስላለች፤ በዓመት ግን ወደ ግማሽ ኪሎ ድንጋይ ትጠጋለች።

ምልክቶቹ በቅደም ተከተል አይመጡም። ማሞቂያው ቅርፊት ስለለበሰ ማሽኑ ለመሞቅ ይዘገያል። ከሁለቱ ግሩፖች አንዱ ውሃ እያነሰው ይሄዳል፤ ውሃው የሚያልፍባት ቀዳዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰች ስለሆነች ትንሽ ስባሪ ይበቃታል። ብዙ ባሪስታ ይህን ሲያይ ቡናውን ሸካራ አድርጎ ይፈጫል፤ ችግሩ ግን ወፍጮው ላይ አይደለም። ከሁሉ የሚያስፈራው ቅርፊቱ የደኅንነት ቫልቩን ሲያጣብቀው ነው።

ታዲያ የትኛው ፊልተር? የከሰል ፊልተር የክሎሪኑን ሽታ ይወስዳል፤ ለዚያ ጥሩ ነው። ካልሲየሙንም ባይካርቦኔቱንም አይነካም። በጨው የሚታደሰው ማለስለሻ ካልሲየሙን በሶዲየም ይተካል፤ ኖራው ይቆማል፣ ባይካርቦኔቱ ግን እንዳለ ነው። የስምጥ ሸለቆን ውሃ ቤታችሁ ሠራችሁ ማለት ነው። ማሽን ሻጮች ይህን ላይነግሯችሁ ይችላሉ። KH ከ5 እስከ 10 ለሆነ ውሃ ባይካርቦኔቱን ጭምር የሚቀንሰው ካርትሬጅ ይበቃል፤ በጊዜው ካልተቀየረ ግን ሳይታወቅ መሥራቱን ያቆማል፤ ስለዚህ የሚያልፈውን ውሃ በየሁለት ሳምንቱ ለኩ።

ለድሬዳዋው ካፌ የምንመርጠው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ነው። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ማዕድኑ ባዶ ሊባል የቀረበ ነው። አራት እጅ የተጣራውን ከአንድ እጅ ያልተጣራው ጋር ቀላቅሉ፤ ያልተጣራው በከሰል ይለፍ። KH 15 ለ5 ሲካፈል 3፣ GH 18 ለ5 ሲካፈል 3.6 ይሆናል፤ ሁለቱም ከምክሩ ውስጥ ናቸው። ቀላቅላችሁ እንደገና ለኩ፤ የተጣራው ውሃ ሙሉ በሙሉ ባዶ ስለማይሆን ግማሽ ጠብታ ሊዘል ይችላል። መሣሪያው የሚጥለው ውሃም ብዙ ነው፤ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ለወለል ማጠቢያ አጠራቅሙት።

የተጋገረ ካለ ከአዲሱ ውሃ በፊት ይጽዳ። ለትንሽ የቤት ማሽን በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ከ20 እስከ 30 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጡ፤ ግማሹን አሳልፉ፣ 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ ቀሪውን አሳልፉ፣ ከዚያ በሁለት ሙሉ ታንክ ንጹሕ ውሃ አጥቡ። የፈላ ውሃ አትጠቀሙ፤ ሲትሪክ አሲዱ ከካልሲየሙ ጋር ሌላ ዝቃጭ ይሠራል። አቼቶ ሽታው በጎማዎቹ ውስጥ ይቀራል። ቦይለሩ አሉሚኒየም ከሆነ አምራቹ ከፈቀደው ውጭ ምንም አታስገቡ። የካፌ ትልቅ ማሽን ለዓመታት ከተጋገረ ደግሞ አሲድ ማሳለፍ አይበቃም፤ ስባሪው ተነሥቶ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ቦይለሩ መከፈት አለበት።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። ከሪቨርስ ኦስሞሲስ የወጣውን ውሃ ሳትቀላቅሉ ወደ ማሽኑ አታስገቡ። ቡናው ሹልና ሳሳ ያለ ኮምጣጣ ይሆናል። ከዚያም በላይ፣ በቦይለሩ ውስጥ የውሃውን ከፍታ የሚያውቀው ዘንግ የሚሠራው ውሃው ኤሌክትሪክ ሲያስተላልፍ ነው፤ ማዕድን የሌለውን ውሃ እንደ ባዶ ይቆጥረዋል። ፓምፑም መሙላቱን አያቆምም፤ በእንፋሎት ቧንቧው የፈላ ውሃ መትፋት ይጀምራል። ይህን ካያችሁ ማሽኑን ወዲያው አጥፉና ውሃውን ለኩ።