ጳጉሜ፣ ዲፖዚት እና አሥር ቀን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። አንድ ወረቀት ይዤ ብቻዬን ቁጭ ብያለሁ። የስፌት ሱቄን ስለቅ አከራዬ የሰጡኝ የሂሳብ መግለጫ ነው። ከታች በኩል «ተመላሽ 9,346 ብር ከ67 ሳንቲም» ይላል። እኔ ያስያዝኩት ዲፖዚት 40 ሺህ ነበር።

ደሜ ፈላ። ግን ስልክ አልደወልኩም። ቡና አፈላሁና ውሉን አወጣሁ።

ውሉ አንድ ገጽ ነው። ከጥቅምት 11 ቀን 2014 ጀምሮ በወር 20 ሺህ ብር። በየዓመቱ «ባለፈው ዓመት ኪራይ ላይ» 10 በመቶ ጭማሪ። ዲፖዚት የሁለት ወር። መልቀቅ ሲፈለግ የአንድ ወር ማስታወቂያ። እኔ ኅዳር 18 ቀን 2017 በጽሑፍ አሳወቅኩ፣ ታኅሣሥ 18 ማታ ቁልፍ አስረከብኩ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለውን ከፍያለሁ።

መጀመሪያ የወር ኪራዩን አየሁ። በኔ ቤት 10 በመቶ ማለት በየዓመቱ ሁለት ሺህ ብር ነው። ስለዚህ አራተኛው ዓመት 26 ሺህ መሆን አለበት። እሳቸው 26,620 ጽፈዋል። ያዝኳቸው አልኩ! የተያዝኩት ግን እኔ ነኝ። ውሉ «ባለፈው ዓመት ኪራይ ላይ» ስለሚል 20 ሺው 22 ሺህ፣ ከዚያ 24,200፣ ከዚያ 26,620 ይሆናል። «በመነሻው ኪራይ ላይ» ቢል ኖሮ እኔ ልክ ነበርኩ። ደግነቱ አልደወልኩም።

ቀጥሎ ያየሁት ጭማሪው የጀመረበትን ቀን ነው። እዚህ ጋ ነገሩ ዞረ። የድሮ ደረሰኞቼን በተርታ ደረደርኩ። በሦስቱም ዓመት አዲሱን ኪራይ ያስከፈሉኝ ከጥቅምት 1 ጀምሮ ነው። ውሉ ግን ዓመት የሚሞላው ጥቅምት 10 ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት በድሮው ዋጋ፣ የቀሩት ሃያ ቀናት በአዲሱ መታሰብ ነበረባቸው። የ2017ን ጥቅምት እንውሰድ። 24,200ን ለ30 አካፍዬ በ10 ሳባዛ 8,066 ብር ከ67። 26,620ን ለ30 አካፍዬ በ20 ሳባዛ 17,746 ብር ከ67። ድምሩ 25,813 ብር ከ33 ነው። የከፈልኩት 26,620። ልዩነቱ 806 ብር ከ67 ሳንቲም።

ይህ ቁጥር የሆነ ቦታ ያየሁት መሰለኝ። ለካ የአንድ ቀን ኪራይ ነው፣ በድሮው ዋጋ። ለነገሩ ግልጽ ነው፤ የአሥር ቀን 10 በመቶ አንድ ቀን ነው። ስለዚህ የሌሎቹን ሁለት ዓመታት በአንድ መስመር ጨረስኳቸው፤ 666 ብር ከ67 እና 733 ብር ከ33። በሦስት ዓመት 2,206 ብር ከ67 ሳንቲም በትርፍ ከፍያለሁ። በየዓመቱ ትንሽ ስለሆነ ልብ አላልኩትም።

ታኅሣሥን ሙሉ ወር አስበውታል። የቆየሁት 18 ቀን ነው፤ 15,972 ብር። የ10,648 ብር ልዩነት። ማስታወቂያዬ ባይኖር ኖሮ ሙሉ ወሩን ቢጠይቁኝም አፍ አይኖረኝም ነበር። ለ30 ያካፈልኩት ውሉ በኛ ቀን አቆጣጠር ስለተጻፈ ነው፤ ወሩ ሁሌ ሠላሳ ነው። በፈረንጅ ቀን የተዋዋለ ሰው 31 ቀን ያላቸውን ወራት በምን እንደሚያካፍል አስቀድሞ ይስማማ።

የቀረችው ጳጉሜ ናት። «የ2016 ጳጉሜ፣ 5 ቀን፣ 4,033 ብር ከ33» ይላል። ውሉ ስለ ጳጉሜ ምንም አይልም። ታዲያ በምን እንከራከር? በራሳቸው ደረሰኝ። የ2014ቱን አምስት ቀን አልጠየቁኝም። በ2015 ጳጉሜ ስድስት ነበረች፣ ያኔም አልጠየቁኝም። በዓመት አሥራ ሁለት ክፍያ ስንቀባበል ከርመን ልለቅ ስል አሥራ ሦስተኛ ወር ተወለደ።

ዲፖዚቱን ራሱን በትክክል ነው የጻፉት። ኪራይ ሲጨምር ዲፖዚትም አሟሉ የሚሉ አከራዮች አሉ። እኔ አላሟላሁም፣ ስለዚህ ያው 40 ሺህ ነው። ከሱ ላይ 15,972 ሲቀነስ 24,028። ትርፍ የከፈልኩት ሲደመር 26,234 ብር ከ67 ሳንቲም።

ያኔ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ደረሰኞቹን ይዤ ልምጣ?» አልኳቸው። ቁጭ ብለን መስመር በመስመር አየነው። ታኅሣሥን ወዲያው ተቀበሉ። የጥቅምቱን አሥር ቀን ሁለት ጊዜ በካልኩሌተር ካሰሉ በኋላ ዝም አሉ። ጳጉሜ ላይ ትንሽ ተሟገትን። የ2015ቱን የነሐሴና የ2016ቱን የመስከረም ደረሰኝ ጎን ለጎን ሳስቀምጥላቸው ግን ሳቁ፤ «እሺ ልጄ፣ ጳጉሜን መርቄልሻለሁ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ብሩ አካውንቴ ገባ። 26,234። ስድሳ ሰባቷን ሳንቲም አስቀርተዋታል።