ድምፁ ተዘግቶ ለሚታይ ትምህርት ጽሑፍ አጻጻፍ

ምስል፦ ጥቁር ሰሌዳ፤ በጠመኔ 1/2 + 1/3 ተጽፎበታል።

ተራኪ፦ አንዲት ተማሪዬ ይህን ቪዲዮ ያየችው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ኢርፎን ስላልያዘች ድምፁን ዘግታ ነበር። «ቲቸር፣ እጅዎን ሳይ ጽሑፉ አለፈኝ፤ ጽሑፉን ሳነብ ሰሌዳው ተቀየረ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ድምፅ ሲኖር ጆሮ ይሰማል፣ ዓይን ያያል። ድምፁ ሲዘጋ ሁለቱም ሥራ ዓይን ላይ ይወድቃል። እኔ ደግሞ እየጻፍኩ የተናገርኩትን እንዳለ ነበር ከታች የለጠፍኩት።

ጽሑፍ፦ ይሄኛውን ላይና ታቹን በ3

ተራኪ፦ ይህ የድሮው ነው። «ይሄኛው» የቱ ነው? ጣቴን ላላየ ሰው ምንም አይነግረውም። ከዚህ የባሰው ግን ግሱ ነው። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «እናባዛለን» የሚለው ወደ ቀጣዩ ጽሑፍ ስለተሻገረ፣ አንባቢው በ3 ይባዛ ይካፈል ሳያውቅ ይጠብቃል። ቁጥሩና ግሱ አንድ ላይ መታየት አለባቸው።

ጽሑፍ፦ 1/2፦ ላይም ታችም በ3 እናባዛ

ተራኪ፦ አሁን እጄን ተመልከቱ፤ ቆሟል። ጽሑፉ 4 ሰከንድ ይቆያል። ልክ ሲጠፋ 3/6 ብዬ እጽፋለሁ፤ በዚያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ሌላ ጽሑፍ የለም። 1/3ንም እንዲሁ በ2 አባዝቼ 2/6 አደርገዋለሁ። ስንት ሰከንድ እንደሚበቃ የማውቀው ጽሑፉን ዝግ ብዬ ሁለት ጊዜ በማንበብ ነው።

ጽሑፉን በፋይል የምታያይዙ ከሆነ ሰዓቱ እንዲህ ይጻፋል፦

```
1
00:00:12,000 --> 00:00:16,000
1/2፦ ላይም ታችም
በ3 እናባዛ
```

ፋይሉን UTF-8 ብላችሁ ሴቭ አድርጉት። ካለዚያ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ምስል፦ ስልክ በእጅ፣ ፀሐይ ላይ።

ተራኪ፦ ነጭ ጽሑፍ ከነጭ ጠመኔ ጋር ይደባለቃል፤ ከጀርባው ጥቁር መደብ አድርጉለት። የስክሪኑን ግርጌና ቀኝ ጠርዝ ተዉት፤ በአጭር ቪዲዮ ላይ የመተግበሪያው ቁልፎችና መግለጫው ይሸፍኑታል። ፊደሉንም አታሳንሱት። ለና ሉን የምትለያቸው ትንሽ ጭረት ናት፤ ከደቀቀች አትታይም። ውጭ ፀሐይ ላይ ወጥታችሁ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንብቡት።

የታረመውን ቪዲዮ ድምፁን ዘግቼ ለሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁት። ሲጨርስ ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠራው፤ 5/6 አገኘ። «ግን 6 ከየት መጣ?» አለኝ። በአፌ ተናግሬዋለሁ፣ ስክሪኑ ላይ ግን አልጻፍኩትም። ከማባዛቱ በፊት ይህን ጨመርኩ።

ጽሑፍ፦ 6 ለ2ም ለ3ም ይካፈላል

ምስል፦ እጅ ሳይንቀሳቀስ 4 ሰከንድ።