ያቺ የመጀመሪያዋ ኮከብ

እንደምን አመሻችሁ። አዘጋጆቹ 15 ደቂቃ ሰጥተውኛል፤ ርዕስም ሰጥተውኝ ነበር። "የዓመቱ ሥራችን በጨረፍታ" የሚል ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና እሱን አላወራም። የዓመቱን ሥራ ሁላችንም አብረን ነው የሠራነው፣ ታውቁታላችሁ። እኔ የመጣሁት ስለ አንዲት መስመር ላወራ ነው፤ ስለ ጠዋቱ ዳሽቦርድ የክሮን መስመር፣ ስክሪፕቱን በተጻፈላት ሰዓት በራሷ ስለምታስነሳው።

እናንተም ታስታውሳላችሁ፣ የዳሽቦርዱ ስህተት ምንጭ ከታወቀ በኋላ አንድ ሰሞን ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚወራው። "ክሮኑ ተበላሽቷል።" ይሄን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ክሮን አልተበላሸም። ክሮን የተጻፈለትን ነው ያደረገው፣ ያውም ደቂቃ ሳያዛንፍ። የተበላሸው የጻፈው ሰው ነው። የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ከኋላዬ ስክሪኑ ላይ ተመልከቱ። መስመሯ ይቺ ነበረች፦

```
* 6 * * * /opt/dash/refresh.sh
```

ለአዲሶቹ ልጆች ስል ቶሎ ልለፈው። አምስት ቦታ አለ። ከግራ ወደ ቀኝ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን። ከዚያ በኋላ ያለው የሚሮጠው ትዕዛዝ ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ነው፣ ከ0 እስከ 23። እኔም ዛሬ ሰዓት ስጠራ በዚሁ አቆጣጠር ነው።

ይቺን መስመር ብዙ ሰው አይቷታል። ያያት ሁሉ "በየቀኑ 6 ሰዓት ላይ" ብሎ አንብቦ አልፏል። ለምን? ኮከቧን "ባዶ" ወይም "ግድ የለም" ብለን ስለምናነባት ነው። ኮከብ ግን ባዶ ማለት አይደለችም፣ "እያንዳንዱ" ማለት ናት። ስለዚህ መስመሯ የምትለው "በየቀኑ፣ ሰዓቱ 6 በሆነ ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ደቂቃ" ነው። 06:00፣ 06:01፣ 06:02 እያለች እስከ 06:59 ድረስ። በቀን አንዴ መታደስ ያለበት ዳሽቦርድ በቀን 60 ጊዜ ይታደስ ነበር ማለት ነው።

አሁን "60 ጊዜ ከታደሰ እንዴት ማንም አላየም?" ትሉኛላችሁ። ዋናው ጉድ እዚህ ጋ ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ስክሪፕቱ የሚሠራው ቀላል ነገር ነበር። መጀመሪያ የዳሽቦርዱን ሰንጠረዥ ያጸዳል። ከዚያ የትናንቱን ሽያጭ ያሰላል። በመጨረሻ ውጤቱን ይከታል። ሥራው ሲጀመር ዳታው ትንሽ ነበር፣ ሁሉም ነገር በ15 ሰከንድ ያልቃል። የ06:00ው ሩጫ ጨርሶ ቁጭ ካለ በኋላ የ06:01ዱ ይነሳል፣ ያጸዳል፣ ያንኑ ቁጥር መልሶ ይከታል። ስልሳውም ተራቸውን ጠብቀው ይሠራሉ። 07:00 ላይ ቢሮ የገባ ሰው የሚያየው ትክክለኛ ቁጥር ነው። ስህተቱ ለወራት እዚያው ተኝቶ ነበር፣ ማንንም ሳይነካ።

ከዚያ ዳታው አደገ። ስሌቱ 30 ሰከንድ ሆነ፣ 50 ሆነ፣ አንድ ቀን ደግሞ 65 ሰከንድ ደረሰ። ያን ቀን ጠዋት የሽያጩ ቁጥር ልክ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ወደ እጥፍ የተጠጋ አላልኩም። ልክ እጥፍ፣ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሩጫዎች ብቻ ልከተላቸው። የ06:58ቱ ተነስቶ ሰንጠረዡን አጸዳና ማስላት ጀመረ። ሳይጨርስ 06:59 ሆነ፤ የመጨረሻው ሩጫ ተነስቶ እሱም አጸዳ። አምስት ሰከንድ ቆይቶ የ06:58ቱ ስሌቱን ጨረሰና ውጤቱን ከተተ። ከዚያ 07:00 ካለፈ 5 ሰከንድ ላይ የ06:59ኙም የራሱን ከተተ፣ በዚያው ላይ ጨምሮ። ከዚህ በኋላ መጥቶ የሚያጸዳ የለም፣ ሰዓቱ 7 ሆኗላ! ሁለቱም ውጤት ሰንጠረዡ ውስጥ አብሮ ቀረ። በቃ፣ እጥፍ።

ዳታው ቀለል ባለ ቀን ስሌቱ ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቅና ቁጥሩ ደህና ይሆናል። በከበደ ቀን እጥፍ ይሆናል። ሁለት ደቂቃ ባለፈ ቀን ደግሞ የ06:57ቱም ይጨመርና ሦስት እጥፍ። እስቲ ይሄንን ማን ከክሮን ጋር ያገናኘዋል?

እኛም አላገናኘነውም። ሦስት ሳምንት ኩዌሪው ላይ አፍጥጠን ከረምን። እጥፍ ቁጥር ያየ የዳታ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው `JOIN`ን ነው፤ እኛም `JOIN`ን አንድ በአንድ ፈታትነን ገጠምን። አንዱ ወዳጃችን `DISTINCT` ጨመረበት፣ እዚህ ተቀምጦ እየሳቀ ነው፣ እያየሁት ነው። ምንም አልለወጠም። መቼም አይለውጥም፣ እያንዳንዱ ሩጫ ለብቻው ንጹህ ነበር። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ስክሪፕቱን በእጃችን ስናሮጠው ሁልጊዜ ትክክል መሆኑ ነው። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብን። በእጅ ሲሮጥ ልክ፣ በክሮን ሲሮጥ ስህተት ከሆነ፣ ችግሩ ኩዌሪው ውስጥ አይደለም። ችግሩ መቼ፣ ስንት ጊዜና ምን ውስጥ ሆኖ እንደሚሮጥ ላይ ነው።

በመጨረሻ የተገኘው እንዲህ ነው። አንዷ አዲስ ልጅ፣ ሥራ ከጀመረች ሁለት ሳምንት ያልሞላት፣ "ስንት ጊዜ ነው የሚሮጠው?" ብላ ጠየቀች። "አንዴ ነዋ!" አልናት። አላመነችንም፣ ሎጉን ቆጠረች።

```
grep CRON /var/log/syslog | grep -c refresh.sh
```

የዚያን ቀን ሎግ ላይ የወጣው ቁጥር 60 ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ዝምታ ትዝ ይለኛል።

መስመሯን የጻፍኳት እኔ ነኝ።

አዎ፣ ሳቁ። ይገባኛል። ግን ሳቃችሁን ስትጨርሱ አንድ ነገር መልሱልኝ። የሁለት ቃል ኮድ ስንለውጥ ሁለት ሰው ያየዋል፣ እንከራከርበታለን፣ እንፈትሸዋለን። ይቺን መስመር ግን ማን አያት? ማንም! ሰርቨሩ ላይ ገብቼ `crontab -e` ብዬ ጻፍኩ፣ ዘጋሁ፣ ሄድኩ። ጠዋት ጠዋት ኃላፊዎች የሚወስኑበትን ቁጥር የምታስነሳ መስመር የትም አልተመዘገበችም፣ ማንም አላነበባትም። ከዚያ ስትሳሳት "ክሮኑ ተበላሸ" እንላለን። ኧረ ተው! የሰዓት ደወል ለ3 ሰዓት ሞልቶ በ3 ሰዓት ስለጮኸ የሚቆጣ ሰው ምን ይባላል?

የተስተካከለችው ይቺ ናት፦

```
0 6 * * * flock -n /tmp/dash.lock /opt/dash/refresh.sh
```

ዜሮዋ ደቂቃውን ትወስናለች። `flock -n` ደግሞ የቀደመው ሩጫ ገና ካልጨረሰ አዲሱ ዝም ብሎ እንዲወጣ ያደርጋል። አሁን በቀን አንዴ ስለሚሮጥ አያስፈልግም ልትሉ ትችላላችሁ። አንድ ሰው ነገ በሌላ ተርሚናል በእጁ እስኪያስነሳው ድረስ ነው ታዲያ፤ እሱም ቁልፏን እንዲያከብር በዚያችው ትዕዛዝ ያስነሳ። ስክሪፕቱ ውስጥም ማጽዳቱንና መክተቱን አንድ ትራንዛክሽን አደረግናቸው፣ ስሌቱን አስቀድመን።

ሰዓቴ እየሄደ ነው፣ የቀረውን ልሩጥበት።

የሰዓት ክልል። ብዙ ሰርቨር የሚሠራው በዩቲሲ ነው፤ ክሮን ደግሞ የሰርቨሩን ሰዓት እንጂ የግድግዳችሁን ሰዓት አያይም። ቢሯችሁ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት የሚቀድም ከሆነ `0 6 * * *` ለእናንተ 09:00 ላይ ነው። "እሺ፣ 3 ቀንሼ እጽፋለሁ" ትላላችሁ። ጥሩ፣ ግን ተጠንቀቁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በእናንተ ሰዓት 02:00 ላይ እንዲሮጥ ፈለጋችሁ እንበል። በዩቲሲ ገና 23:00 ነው፣ ቀኑም ገና እሑድ ነው። ስለዚህ `0 23 * * 1-5` ብትጽፉ የሰኞው ይቀርና የቅዳሜው ይመጣል። ትክክሉ `0 23 * * 0-4` ነው። ኩዌሪው ውስጥ "ትናንት" የሚለውም በዩቲሲ ከተሰላ ከትናንት ወዲያን ያመጣላችኋል። ዳሽቦርዱ ላይ "የታደሰው ዛሬ" ተብሎ ይጻፋል፣ ዳታው ግን የቆየ ነው። ለዚህ ነው እዚያ ጥግ ላይ የምናሳየው ጊዜ ስክሪፕቱ የሮጠበት ሳይሆን የመጨረሻው የዳታ ረድፍ ጊዜ ይሁን እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ።

የወሩ ቀንና የሳምንቱ ቀን። `0 6 1 * 1` የሚለውን "ወሩ ሰኞ ቀን ሲጀምር" ብሎ የሚያነብ አለ። አይደለም። ሁለቱም ሲሞሉ ክሮን "ወይም" ነው የሚለው። በየወሩ 1 ቀንም ይሮጣል፣ ሰኞ ሰኞም ይሮጣል።

የፐርሰንት ምልክት። ክሮን መስመር ውስጥ `date +%F` ብላችሁ ከጻፋችሁ ትዕዛዙ `%` ላይ ይቆረጣል። `\%` ብላችሁ ጻፉ፣ ወይም ቀኑን ስክሪፕቱ ውስጥ አስገቡት። `PATH`ም አጭር ነው፤ እናንተ ተርሚናል ላይ ያላችሁን አያውቅም፣ ስለዚህ ሙሉ አድራሻ ጻፉ። ደግሞ ሌላ ቦታ ያያችሁትን ባለ ስድስት ቦታ አጻጻፍ ገልብጣችሁ አታምጡ፤ የአንዳንዱ መሣሪያ የመጀመሪያ ቦታ ሰከንድ ነው፣ ሁሉም በአንድ ይንሸራተታል።

ጨረስኩ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ነገ ጠዋት ሰርቨራችሁ ላይ ግቡና መጀመሪያ ይቺን ጻፉ፦

```
crontab -l > cron.bak
```

ቅጂ አስቀሩ የምለው `crontab -e` ልትሉ ስትቸኩሉ `crontab -r` እንዳትሉ ብዬ ነው። ሁለቱ ፊደላት ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፣ `-r` ደግሞ ሳይጠይቅ ሁሉንም ነው የሚያጠፋው። ከዚያ ፋይሉን ክፈቱና የእያንዳንዱን መስመር የመጀመሪያ ቦታ እዩ። ኮከብ ካገኛችሁ ደውሉልኝ። አልስቅባችሁም።