መብራት ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ቢመጣስ?

እንደምን አመሻችሁ። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ወደ ደብረ ብርሃን ቁር የወጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጋቢ የያዘ ሰው ዛሬ ብልህ ነው።

የምነግራችሁ ስለ አንድ የሌሊት ጆብ ነው። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የማማው ራሴን ነው። የምሰራው በአንድ የቁጠባና ብድር ማህበር ነው። ጆቡ ቀኑ የደረሰ የብድር ክፍያ ከአባላት ቁጠባ ላይ ይቆርጣል። ከሌሊቱ 8:30 ይነሳል። ሁለት መቶ ሁለት መቶ አባል እየያዘ ይቆርጣል፤ አንዱን ዙር ሲጨርስ ኮሚት አድርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሁሉም ሲያልቅ በአንድ ትእዛዝ የሁሉንም የክፍያ ቀን ወደሚቀጥለው ወር ያሻግራል።

መሃል ላይ ቢቆምስ? ይህንን አስበንበት ነበር። ጆቡ ከመቁረጡ በፊት «ከዚህ ብድር ላይ ዛሬ ተቆርጧል ወይ?» ብሎ ያያል። ከተቆረጠ ያልፈዋል። ሞከርነውም። ከሰዓት በኋላ ሻይ እየጠጣን አስነሳነው፣ መሃል ላይ ገደልነው፣ እንደገና አስነሳነው። ሁለቴ የተቆረጠበት ሰው አልነበረም። «አለፈ» ብለን ጻፍን።

ከዚያ አንድ የወር መጨረሻ መጣ። የዚያን ሌሊት ክፍያቸው የደረሰ 2,600 ነበሩ። ከሌሊቱ 8:50 ላይ መብራት ሄደ። የባትሪውን ነገር ተዉት። ሰባት ዙር አልቋል፤ ማለትም ከ1,400 ሰዎች ተቆርጧል። ስምንተኛው ዙር ግማሽ ላይ ነበር፤ እሱን ዳታቤዙ ሲነሳ ራሱ ሰረዘው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደ ደንቡ ነው።

መብራት የመጣው 10 ሰዓት ላይ ነው። ጥበቃው ደወለልኝ። ከብርድ ልብስ ሳልወጣ ላፕቶፔን ከፍቼ ጆቡን አስነሳሁት። «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» አለኝ። ተመልሼ ተኛሁ።

ጠዋት መስኮቱ ላይ ከመንዝ የመጡ አንድ እናት ቆመዋል። በግ ሸጠው ያስቀመጧት ገንዘብ ጎድላለች። «ልጄ፣ የተበደርኩት አንዴ ነው። የምትቆርጡብኝ ሁለቴ ለምንድን ነው?» አሉኝ። ከኋላቸው ሰልፉ እስከ በሩ ነበር።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። የሰርቨራችን ሰዓት በUTC ነው። የእኛ ሰዓት ከሱ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። እኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስንል በሰርቨሩ እኩለ ሌሊት ነው፤ ቀኑ የሚለወጠው ያኔ ነው። ጆቡ 8:30 ሲነሳ በሰርቨሩ ቀኑ 30 ነበር። 10 ሰዓት ላይ እኔ ሳስነሳው 1 ሆኗል። «ዛሬ ተቆርጧል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «አልተቆረጠም» ሆነ፤ የተቆረጠው «ትናንት» ነዋ! የክፍያ ቀኑን የሚያሻግረው ትእዛዝ ደግሞ መጨረሻ ላይ ስለሆነ አልደረሰበትም። ስለዚህ 1,400ውም ገና እንዳልከፈሉ ተቆጥረው ድጋሚ ተቆረጠባቸው።

ከሰዓት በኋላ ያደረግነው ሙከራ ያለፈው ሁለቱም ሩጫ በአንድ ቀን ውስጥ ስለወደቀ ብቻ ነው። ቀንን ቀን ላይ ነው የሞከርነው።

አሁን መለያው ቀን አይደለም። የብድሩ ቁጥርና የክፍያው ተራ ቁጥር ነው። የ4117 ብድር ሰባተኛ ክፍያ በዓለም ላይ አንድ ነው፤ ሰዓት ቢዞር እሱ አይዞርም። አንድ ባልደረባዬ «የሂሳብ ቁጥርና የብር መጠን ይበቃል» ብሎ ነበር። አይበቃም። ሁለት ብድር ኖሮት ለሁለቱም እኩል 850 ብር የሚከፍል አባል አለን። በዚያ መለያ ሁለተኛው ክፍያው ድግግሞሽ ተብሎ ይጣል ነበር።

```sql
WITH posted AS (
  INSERT INTO posting (loan_id, inst_no, amount)
  VALUES (4117, 7, 850)
  ON CONFLICT (loan_id, inst_no) DO NOTHING
  RETURNING amount
)
UPDATE savings s
SET balance = s.balance - p.amount
FROM posted p
WHERE s.account_no = 20558;
```

በሁለቱ ቁጥሮች ላይ በጥምረት አንድ `UNIQUE` መኖር አለበት፤ ያለሱ PostgreSQL ይህንን ትእዛዝ አይቀበልም። መዝገቡ ከገባ ብር ይቀነሳል። ቀድሞ ገብቶ ከነበረ `posted` ባዶ ይሆናል፤ ከቁጠባው ላይ ምንም አይነካም። መዝገቡና ቅነሳው አብረው ይጸናሉ ወይም አብረው ይቀራሉ። የሚሰራበትን ቀን ደግሞ ጆቡ ከሰዓት አያነብም፤ `--date 2025-06-30` ብለን እኛ እንሰጠዋለን። ድጋሚ ሲነሳም የሚሰጠው ያው ቀን ነው።

ሙከራውን እንዴት እንደምናደርገው ልንገራችሁ፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው። የዳታቤዙን ቅጂ በሙከራ ማሽን ላይ እንመልሳለን። መጀመሪያ ጆቡን ሳናቋርጥ አስኬደን የእያንዳንዱን ሂሳብ ቀሪ እናስቀምጣለን። ይህ መለኪያችን ነው። ከዚያ ቅጂውን መልሰን ጆቡን እናስነሳና በ`kill -9` እንገድለዋለን። ተራው `kill` ለፕሮግራሙ «ሰብስብና ውጣ» ይለዋል። መብራት ሲጠፋ ግን ሰብስብ የሚል የለም። ከዚያ የማሽኑን ሰዓት ከእኩለ ሌሊት አሳልፈን እንደገና እናስነሳና ቀሪዎቹን ከመለኪያው ጋር እናስተያያለን። የአንድ ሳንቲም ልዩነት ከመጣ ወድቋል። የሚለወጠው የጆቡ ሰዓት ብቻ እንዳይሆን። `CURRENT_DATE` የሚነበበው ከዳታቤዙ ሰርቨር ነው፤ የሱም ሰዓት መሻገር አለበት። እኛ የመጀመሪያውን ቀን ይህንን ረስተን በከንቱ ደስ ብሎን ነበር።

የምንገድልባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው፦ ዙሩ መሃል ላይ፣ ኮሚት ተደርጎ ቀጣዩ ዙር ሳይጀምር፣ የመጨረሻው ዙር አልቆ የክፍያ ቀኑ ሳይሻገር። እኔን የበላኝ ስህተት በደንብ የሚጋለጠው በሦስተኛው ነው። እዚያ ከሞተ የድሮው ኮድ 2,600ውንም ሁለቴ ይቆርጣል። አንዴ ደግሞ ሁለት ጆብ ባንድ ጊዜ እናስነሳለን፤ ሰርቨሩ ሲነሳ ጆቡም በራሱ ተነስቶ እኔም በእጄ ባስነሳው ምን ይሆናል ለማለት ነው።

`kill -9` ግን መብራት መጥፋትን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ፕሮግራሙ ቢሞትም ማሽኑ በሕይወት ስላለ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሚሞሪ ላይ የያዘው ጽሑፍ ወደ ዲስክ ይወርዳል። ስለዚህ አልፎ አልፎ የሙከራ ማሽኑን ገመድ እንነቅላለን። ዲስኩ ሳይጽፍ «ጻፍኩ» የሚል ውሸታም ከሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።

የኤስኤምኤሱ ነገር ግን እስከ ዛሬ ሙሉ መፍትሄ የለውም። ድሮ መልእክቱ ከኮሚት በፊት ይሄድ ነበር። በዚያ ሌሊት ከስምንተኛው ዙር ውስጥ ብር ሳይቆረጥባቸው «ተቆርጧል» የተባሉ ነበሩ። ዳታቤዝ ብር ይመልሳል፤ የሄደ መልእክት ግን አይመልስም። አሁን መልእክቱን ከቅነሳው ጋር በአንድ ትራንዛክሽን ሰንጠረዥ ላይ እንጽፈዋለን፤ ሌላ ፕሮግራም አንስቶ ይልከዋል። እሱም ልኮ «ላክሁ» ብሎ ሳይጽፍ ከሞተ ድጋሚ ይልካል። ሁለቴ የመጣ መልእክት ያናድዳል፤ ሁለቴ የተቆረጠ ብር ግን ሰልፍ ያመጣል። የመጀመሪያውን መርጠናል።

የ1,400ውን ሰዎች ብር የመለስነው በሌላ ጆብ ነው። እሱንም ቅጂው ላይ ሁለቴ አስኬድነው። የመጀመሪያው ሩጫ ለ1,400 ሰው መለሰ፤ ሁለተኛው ለዜሮ። ያኔ ነው በእውነተኛው ላይ ያስነሳሁት። ያን ቀን ግን ከአልጋ ወርጄ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው።